የተንዛዛ የደንበኛ ቅሬታን ወደ አጭር የጉዳይ ማጠቃለያ ማሳጠር

ረጅም ቅሬታ ማሳጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው መቁረጥ ነው። ስድቡን አውጣ፣ ድግግሞሹን አውጣ፣ የቀረውን አጣብቅ። እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ ጽሑፉ አጠረ፣ ቡድኑ ግን ተሳሳተ። ከባዱ ነገር መቁረጡ አይደለም። ደንበኛው በዓይኑ ያየውን፣ ከዚያ ተነስቶ የደመደመውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጣብቀው ይመጣሉ፤ አጠር አድርገህ ስትጽፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ድምዳሜው ነው፣ እሱ አጭር ስለሆነ።

ነገሩን በአንድ ቅሬታ ላይ እንሥራው። ለቤት ኢንተርኔት ድጋፍ ቡድን ማክሰኞ በ19ኛው ቀን የደረሰ መልእክት ነው እንበል።

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ተስፋ ቆርጬ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ደንበኛችሁ ስሆን እንዲህ ተንቄ አላውቅም። ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይሞታል። ቀን ደህና ነው፤ ልክ ሁላችንም ቤት ስንገባ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ያምሰናል። ስልካችን ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። አፕዴት ብላችሁ የላካችሁት ነገር ነው ያበላሸው፤ ጎረቤቴም እንደዚያ ነው ያለኝ። አምስት ጊዜ ደወልኩ! የመጀመሪያዋ ልጅ አጥፍተው ያብሩት አለችኝ፤ አደረግሁ፣ ምንም። ሁለተኛው በመርፌ ቀዳዳዋን ተጭነው ይያዙ አለኝ፤ ያስተካከልነው ሁሉ ጠፋ፣ ባለቤቴ እስከ እኩለ ሌሊት እንደገና ሲሞላ አመሸ። አዲሱን የይለፍ ቃል ከታች ጽፌላችኋለሁ፣ ከፈለጋችሁ ገብታችሁ እዩት። ዓርብ ባለሙያ ይመጣል ተባልኩ፤ ከሥራ ቀርቼ ጠበቅሁ፣ የመጣም የደወለም የለም። ደህና የሚሠራው የትልቁ ልጄ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱም ከራውተሩ እስከ ክፍሉ ገመድ ጎትቶ ነው፣ በየቀኑ ያደናቅፈኛል። ሳሎኑን ቀለም እያስቀባን ዕቃው ሁሉ ተመሰቃቅሎ ሳለ ይሄ ተጨመረብኝ። ራውተሩ ራሱ ቦታ አጥቶ ኩሽና ውስጥ ማይክሮዌቩ አጠገብ ነው ያለው። ሴቷ ልጄ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት የምትፈተነው ፈተና አላት፤ ምን ላድርግ? ወይ አዲስ ራውተር ስጡኝ፣ ወይ ያልሠራበትን ቀን ገንዘብ መልሱልኝ፣ ካልሆነ ወደ ሌላ ድርጅት እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ምንም ሳትጽፍ። ይህን የምለው ለሥርዓት ያህል አይደለም። እያነበብክ ማጠቃለል ከጀመርክ የመጀመሪያው አንቀጽ ማጠቃለያህን ይገዛዋል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን አንቀጽ የሚጽፈው ስለ ቁጣው ነው። የሚፈልገውን የሚናገረው መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም ሳይታሰብ መሃል ላይ ነው። እዚህ ቅሬታ ላይ የተጠየቀው ነገር በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ እውነተኛው የጊዜ ገደብ ግን ከእሱ በፊት ባለው ውስጥ ነው፣ ጥያቄም ሳይመስል «ምን ላድርግ?» ተብሎ አልፏል። አንብበህ ስትጨርስ ራስህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፤ ይህ ሰው ነገ ጠዋት ምን ተደርጎለት ቢያገኝ ዝም ይላል? የሴትዮዋ መልስ አዲስ ራውተር ሳይሆን ሐሙስ ማታ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው። የሁለቱን ልዩነት ያላየ ሰው የራውተር ማዘዣ ሞልቶ ይልካል፣ ዕቃው በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፣ ፈተናው ያልፋል።

ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው፤ በማያ ገጽ ላይ ከሆነ በቀለም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአራት በአንዱ መድብ፤ ያዩት፣ ያደረጉት፣ የደመደሙት፣ የተሰማቸው። «የዋይፋይ ምልክቱ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመጣል» የታየ ነው። «አጥፍተው ያብሩት አለችኝ፤ አደረግሁ» የተደረገ ነው። «ተንቄ አላውቅም» ስሜት ነው። «አፕዴቱ ነው ያበላሸው» ድምዳሜ ነው፤ ጎረቤት መሰከረም አልመሰከረም ድምዳሜ ነው።

አስቸጋሪው «ኢንተርኔቱ ይሞታል» የሚለው ነው። የታየ ነገር ይመስላል፣ ግን ድምዳሜ ነው። ሴትዮዋ ያዩት የስልካቸው የዋይፋይ ምልክት ሲጠፋ ነው። ምልክቱ እያለ ገጽ አለመክፈት አንድ ችግር ነው፤ ምልክቱ ራሱ መጥፋቱ ሌላ ችግር ነው። የመጀመሪያው ከቤት ውጭ ያለውን መስመር እንድትጠረጥር ያደርጋል፣ ሁለተኛው በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለውን አየር። «ኢንተርኔት ይቋረጣል» ብለህ ካሳጠርከው ሁለቱን አንድ አደረግሃቸው፤ ቡድኑም መስመር ሲመረምር ይውላል። ስለዚህ የታየውን ነገር በተቻለ መጠን በደንበኛው ቃል አስቀምጥ። የስህተት መልእክት ካለማ ጭራሽ አትንካው፤ ፊደል በፊደል ቅዳው፣ ቢሳሳትም አታርመው። ቡድኑ የሚፈልግበት ቃል እሱ ነው።

ድምዳሜውን ግን አትጣለው። ደንበኛው ሊሳሳት ይችላል፣ ትክክልም ሊሆን ይችላል። «ደንበኛዋ እንደሚሉት» ብለህ ለብቻው አስቀምጠው፣ ያልተረጋገጠ መሆኑን ጻፍ። አንድ ጊዜ እኔ «ከአፕዴት በኋላ የመጣ ችግር» ብዬ በርዕሱ ላይ ጽፌ አሳልፌያለሁ፣ «እንደሚሉት» የሚለውን ለማሳጠር ብዬ። ቴክኒክ ክፍሉ ሁለት ቀን ሙሉ አፕዴቱን ሲመረምር ቆየ። ያቺን አንድ ቃል ስቆርጥ የደንበኛውን ግምት የድርጅቱ ግኝት አድርጌው ነበር።

ቀጥሎ ቀን። ቅሬታ ውስጥ ያለ ቀን ሁሉ ከጸሐፊው አንጻር ነው፤ «ትናንት»፣ «ባለፈው»፣ «በማግስቱ»። ማጠቃለያው ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ሰው ይነበባል። ስለዚህ መልእክቱ የደረሰበትን ቀን ይዘህ ሁሉንም ወደ ቁጥር ለውጥ። መልእክቱ ማክሰኞ 19 ከደረሰ «ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ» የትኛው ነው፤ 16 ወይስ 9? በቃሉ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የጥሪ መዝገቡ ግን የመጀመሪያው ጥሪ ሰኞ 11 መሆኑን ያሳያል፤ ችግሩ ከጥሪው በፊት መጀመር ስላለበት ቅዳሜው 9 ነው። «ዓርብ ባለሙያ ይመጣል» የተባለው ደግሞ በሁለተኛው ጥሪ፣ ረቡዕ 13፣ ስለሆነ ዓርቡ 15 ነው። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ካላገኘህ አትገምት፤ «9 ወይም 16» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። እኛ «ማታ ሁለት ሰዓት» ስንል የመሣሪያው መዝገብ 20:00 ይላል። «ማታ» የሚለው ቃል በማሳጠር ሰበብ ወድቆ «2 ሰዓት» ብቻ ከቀረ፣ መዝገቡን የሚያየው ሰው 02:00 ላይ ምንም መቋረጥ አላገኘሁም ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል። ቡድንህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ለውጠህ ጻፍ፤ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ማለት ከ19:00 እስከ 21:00 ነው።

አሁን ቅሬታውን ከራስህ መዝገብ ጋር አስተያይ። ደንበኛዋ አምስት ጊዜ ደወልኩ ይላሉ፤ መዝገቡ ሁለት ያሳያል። «አጋነኑ» ብለህ አትለፍ። መስመር ላይ ጠብቀው ሰው ሳያነሳው የዘጉት ጥሪ በብዙ ቦታ ከጉዳያቸው ጋር አይያያዝም። ማን ምን እንዳለ ብቻ ጻፍ፤ «ደንበኛዋ 5 ጥሪ ይላሉ፤ መዝገቡ ላይ 2 አለ»። አሁን ደግሞ የባለሙያውን ቀጠሮ ፈልግ። ረቡዕ ስልኩን ያነሳው ባልደረባ ማስታወሻው ላይ «ባለሙያ ይላክ» ብሎ ጽፏል፤ የቀጠሮ ሰሌዳው ላይ ግን የተያዘ ቀን የለም። ይህ ከቅሬታው ውስጥ ሊገኝ የማይችል ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሙያው ቀረ ሳይሆን መጀመሪያውኑ አልተላከም። እንዲህ ያለውን የራስን ስህተት በማለስለስ ቃል መሸፈን ያጓጓል። «የቅንጅት ክፍተት ታይቷል» ብለህ ብትጽፍ ግን ማንም ቀጠሮ አይዝም። «ቀጠሮ አልተያዘም» በል።

ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥ የሚመጣው። ስድስት ዓመት ደንበኛ መሆናቸው ለቴክኒክ ክፍሉ አያስፈልግም፤ የደንበኝነት ዘመናቸው በሒሳባቸው ላይ አለ። ተስፋ መቁረጡ፣ የጎረቤቱ ምስክርነት፣ የባለቤታቸው ማምሸት ይወጣል። የይለፍ ቃሉ በማንኛውም ሁኔታ ማጠቃለያው ውስጥ አይገባም፤ በተራ ጽሑፍ እንደላኩት ገልጸህ እንዲቀይሩት ይነገራቸው። ሰው ሲናደድ የካርድ ቁጥርና ከጀርባው ያለውን ባለ3 አኃዝ ኮድ ጭምር ይልካል፤ እሱም በምንም መንገድ ወደ ማጠቃለያ አይገለበጥም።

ስሜት ሁሉ ግን አይወጣም። ቡድኑ የሚያደርገውን የሚለውጥ ከሆነ ይቀመጣል፣ በአንድ ሐረግ። «ወደ ሌላ ድርጅት እሄዳለሁ» የሚለው ስድብ አይደለም፣ የውል ማቋረጥ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማን እንደሚደውልላቸው ሊለውጥ ይችላል። «ደንበኛዋ በጣም ተቆጥተዋል» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አይጨምርም፤ ስልኩን የሚያነሳው ባልደረባ ተከላክሎ እንዲጀምር ብቻ ያደርገዋል።

መቁረጥ ላይ የሚጠፋው ነገር ብዙውን ጊዜ ዋናው ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው ራሱ ዋና መሆኑን አያውቅም፣ እንደ ምሬት አድርጎ ነው የሚወረውረው። የገመዱን ነገር ተመልከት። ሴትዮዋ የሚያማርሩት ስለሚያደናቅፋቸው ነው። ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ በስልክ አሥር ደቂቃ ተጠይቆ የሚገኝ መረጃ አለ፤ በገመድ የተያያዘው ኮምፒውተር ደህና እየሠራ ነው። ይህ ማለት ወደ ቤቱ የሚመጣው መስመር ጤነኛ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ችግሩ ዋይፋዩ ላይ ነው። የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ ቤት መመሰቃቀል የተነገረ ምሬት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ራውተሩ ከቦታው መነሳቱና አሁን ማይክሮዌቭ አጠገብ መሆኑ አለ። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ብዙ ራውተሮች ከሚጠቀሙበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ጋር ይጋጫል። መቋረጡ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እራት በሚያሞቅበት ሰዓት መሆኑን ስትጨምርበት ነገሩ መታየት ይጀምራል።

ስለዚህ የጎንዮሽ ወሬ ከመሰረዝህ በፊት ይህን አጣራ፤ የት፣ መቼ፣ የትኛው መሣሪያ፣ ወይም ከችግሩ በፊት ምን ተለወጠ ለሚሉት ጥያቄዎች ይመልሳል? ለአንዱ እንኳ ከመለሰ ምሬቱን አውጥተህ መረጃውን አስቀረው። ደህና የሚሠራውን ነገር በተለይ ፈልግ። ሰው የተበላሸውን ይዘረዝራል፤ ያልተበላሸውን በአጋጣሚ ነው የሚያነሳው።

እዚህ ላይ ግን ማጠቃለያ ጸሐፊው ራሱ ይፈተናል። «ምክንያቱ ማይክሮዌቩ ነው» ብሎ መጻፍ ያስጎመጃል። አትጻፈው። ያ የአንተ ድምዳሜ ነው፤ ከደንበኛዋ የአፕዴት ድምዳሜ በምንም አይሻልም። ራውተሩ መቼ እንደተዛወረ እንኳ አልነገሩንም፤ ምናልባት ችግሩ ከተጀመረ በኋላ ይሆናል። ያለህ ሁለት መረጃ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸው፣ የጎደለውን በጥያቄ መልክ ጻፍ፣ ማያያዙን ለሚያውቀው ሰው ተው።

የሚወጣው ጽሑፍ እንግዲህ ይህን ይመስላል።

ጉዳይ፦ ዋይፋይ በየምሽቱ ይቆራረጣል፤ በገመድ የተያያዘው ኮምፒውተር ደህና ይሠራል። ከሐሙስ 21፣ 20:00 በፊት መሥራት አለበት (የልጃቸው የኢንተርኔት ፈተና)።
የታየው፦ ከቅዳሜ 9 ጀምሮ፣ ከ19:00 እስከ 21:00፣ ስልኮች ላይ «የዋይፋይ ምልክቱ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመጣል»። ቀን ችግር የለም። ራውተሩ በቤት ቀለም ምክንያት አሁን ኩሽና ውስጥ፣ ማይክሮዌቭ አጠገብ ነው።
የተሞከረው፦ ሰኞ 11 አጥፍቶ ማብራት፤ ረቡዕ 13 ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ። ሁለቱም አልፈቱትም።
ከእኛ በኩል፦ ለዓርብ 15 ባለሙያ እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል፤ ቀጠሮ አልተያዘም፣ አልተደወለላቸውም። ደንበኛዋ 5 ጥሪ ይላሉ፤ መዝገቡ ላይ 2 አለ።
ያልተረጋገጠ፦ ደንበኛዋ እንደሚሉት መንስኤው አፕዴት ነው።
የሚጠይቁት፦ አዲስ ራውተር ወይም ያልሠራበት ቀን ክፍያ ተመላሽ፤ ካልሆነ ውል ያቋርጣሉ።
መጠየቅ ያለበት፦ ራውተሩ ወደ ኩሽና የተዛወረው መቼ ነው? የይለፍ ቃላቸውን በመልእክት ስለላኩ እንዲቀይሩ ይነገራቸው።

የመጀመሪያው መስመር ብቻውን መቆም አለበት። ብዙ ሰው ከዝርዝሩ ላይ የሚያነበው እሱን ነው፤ ስለዚህ ችግሩና የጊዜ ገደቡ እዚያ ላይ ካልተገናኙ ጉዳዩ ወረፋውን ይጠብቃል። ርዝመቱን በተመለከተ ጥብቅ ቁጥር የለኝም፤ በአንድ ስክሪን ላይ ሳይንሸራተት መታየት አለበት፣ ሰባት አጫጭር ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ርዕሱን ጭምር አውጣው፤ «ያልተረጋገጠ፦ የለም» ማለት ንባብ ማብዛት ነው። ዋናው ቅሬታ ግን ከማጠቃለያው ጋር ተያይዞ ይቆይ፣ አይሰረዝ። አንድ ቀን «ጥቂት ቆይቶ» ማለት ስንት ደቂቃ ነው ብሎ የሚመለስበት ሰው አይጠፋም።

ከመላክህ በፊት ቅሬታውን ላላነበበ ባልደረባ ስጠውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፤ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? «ዋናውን መልእክት ልይ» ካለ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን ሊያይ እንደፈለገ ጠይቀውና እሱን ጨምር። «ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ» ብቻ ካለ ስሜቱን ይዘህ ሥራውን ቆርጠሃል ማለት ነው። ይህን ማጠቃለያ ያነበበ ባለሙያ ግን ስልኩን አንስቶ ለደንበኛዋ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ስለ ዓርቡ ይቅርታ፤ ቀጠሮውን እኛ ነን ያልያዝነው። አሁን አንድ ነገር እንሞክር። ስልክዎን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቁሙና ማይክሮዌቩ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስገብተው ለአንድ ደቂቃ ያስነሱልኝ፤ የዋይፋይ ምልክቱን እያዩ ይንገሩኝ።»